ሁኔታዊ አመራር በብረታ ብረት ቤት፦ ለየትኛው ሠራተኛ፣ በየትኛው ሥራ ላይ፣ የትኛው አመራር?

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአያት ወዲያ እስከ ለገጣፎ ድረስ መንገድ ዳር የብረታ ብረት ቤቶች ሞልተዋል። አዲስ ቤት በተሠራ ቁጥር በር ይፈለጋል፣ መስኮት ይፈለጋል፣ የግቢ በር ይፈለጋል። ብዙዎቹ ቤቶች በጥቂት ሰው የሚሠሩ ናቸው። ባለቤቱ ራሱ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ልክ ይወስዳል፣ ብረት ይገዛል፣ ሠራተኛም ያሠራል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ላለ አሠሪ ነው። የብየዳ ሥራ ለሌላችሁም ምሳሌው ይጠቅማችኋል።

ጥያቄው ይሄ ነው። ሠራተኛን ማዘዝ ይሻላል ወይስ ማማከር? መቆጣጠር ወይስ መተው? ብዙ አሠሪ አንዱን መርጦ ለሁሉም ያውለዋል። ሁኔታዊ አመራር የሚባለው አስተሳሰብ ግን መልሱ የአሠሪው ጠባይ ላይ ሳይሆን ሠራተኛው ለዚያ ሥራ ባለው ዝግጁነት ላይ ነው ይላል። ሐሳቡን ያመነጩት አሜሪካውያኑ ፖል ሄርሲና ኬን ብላንቻርድ ናቸው፤ መጀመሪያ ያቀረቡት በ1969 ነው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። በኋላ ሁለቱ ተለያይተው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መልክ ሰጥተውታል። እኔ እዚህ በዋናነት የሄርሲን አከፋፈል እከተላለሁ።

አራቱ ምርጫዎች

ዝግጁነት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ችሎታ ነው፤ ሥራውን ያውቀዋል ወይ? ሌላው ልብ ነው፤ ሊሠራው ይፈልጋል ወይ? እችላለሁ ብሎስ ይተማመናል ወይ? ሁለቱን ስታጋጥሟቸው አራት ዓይነት ሠራተኛ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱም አንድ የአመራር ዓይነት አለ።

ችሎታውም ድፍረቱም ለሌለው ማዘዝ ነው። ምን፣ እንዴት፣ መቼ እንደሚሠራ ትነግሩታላችሁ፤ በቅርብም ትከታተላላችሁ። ችሎታው ገና ሆኖ ፍላጎቱ ላለው ማስረዳት ነው። ውሳኔው አሁንም የእናንተ ነው፤ ግን ምክንያቱን ትናገራላችሁ፣ ጥያቄውን ትሰማላችሁ። ችሎታው ኖሮት ልቡ ላመነታ ማሳተፍ ነው። እዚህ አሠራሩን አትነግሩትም፤ ታዳምጡታላችሁ፣ አብራችሁ ትወስናላችሁ። ችሎታውም ልቡም ለሞላ ማስረከብ ነው። ሥራውን ሰጥታችሁ ከመንገዱ ትወጣላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ዝግጁነት የሰውየው ማዕረግ አይደለም። የአንድ ሰው በአንድ ሥራ ላይ ያለው ሁኔታ ነው። ጎበዝ በያጅ ልክ ለመውሰድ ጀማሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እሱ ጎበዝ ነው» ብሎ ነገር የለም፤ «እሱ በምን ላይ ጎበዝ ነው?» ነው መባል ያለበት።

አንድ ትእዛዝ፣ አራት ሰው

ምሳሌ ልውሰድ። ኮዬ ፈጬ ለሚሠራ ቤት አንድ የግቢ በርና ስድስት መስኮት ታዘዘ እንበል። ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ አራት ሠራተኞች አሉ። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ ጀማሪ አለ። ብየዳ እየለመደች ያለች ረዳት አለች። ሥራውን የሚያውቅ ወጣት በያጅ አለ። ሰፈሩ ሁሉ በስሙ የሚጠራው አንጋፋ ባለሙያም አለ።

አሠሪው ትእዛዙን ከማከፋፈሉ በፊት አንድ ወረቀት ይያዝ። ቁልቁል የአራቱን ሰው ስም ይጻፍ፤ አግድም ሥራዎቹን ይጻፍ፤ ልክ መውሰድ፣ መቁረጥ፣ ማገጣጠም፣ መበየድ፣ ቀለም መቀባት፣ ገጥሞ መትከል። በየሳጥኑ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይሙላ። 1 ማዘዝ ነው፣ 2 ማስረዳት፣ 3 ማሳተፍ፣ 4 ማስረከብ። አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዘ አሠሪው ሰውየውን ነው የገመተው፤ ሥራውን አላየም። ረዳቷ ለምሳሌ አንቲረስትና ቀለም ላይ 4 ልትሆን ትችላለች። ብየዳ ላይ ግን 2 ናት። ስለ ቀለሙ ቀን ሙሉ መመሪያ ብትሰጧት ትበሳጫለች። ብየዳውን «አንቺ ታውቂያለሽ» ብላችሁ ብትተዉት ላሜራው ይበሳል።

ሁለቱን ጫፎች ቶሎ ልለፋቸው።

ጀማሪው ቱቦላሬ መቁረጥ ላይ ነው። እዚህ ማዘዝ ሰው መናቅ አይደለም። «መነጽርህን አድርግ። ከግራይንደሩ ላይ መከለያውን አታውልቅ። 116 ሴንቲ ሜትር ለካ፣ ምልክት አድርግ፣ ከመቁረጥህ በፊት አሳየኝ።» አጭር፣ ግልጽ፣ በቅደም ተከተል። እዚህ ላይ «አንተ እንዴት ቢቆረጥ ይሻላል ትላለህ?» ብሎ ማማከር ልጁን ያስጨንቀዋል፤ መልሱን አያውቀውምና።

አንጋፋው የግቢ በሩን ይይዛል። ለእሱ የሚነገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ደንበኛው የፈለገው ምን እንደሆነ፣ ለብረት የተመደበው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ መቼ ማለቅ እንዳለበት። የቀረው የእሱ ነው። ማስረከብ ግን መጥፋት አይደለም። ብረቱ ከበጀቱ በላይ ቢወጣ ወይም ቀኑ ቢገፋ እንዲነግራችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህ ስምምነት ከሌለ አስረክባችሁ ሳይሆን ጥላችሁ ነው የሄዳችሁት።

ማስረዳት፦ ረዳቷና ብየዳው

ረዳቷ ጉጉት አላት። እጇ ገና ነው። ብዙ አሠሪ ጉጉቱን አይቶ ችሎታ ይመስለዋል። ወይም ደግሞ ስህተቱን አይቶ ወደ ማዘዝ ይመለስና ጉጉቱን ይገድለዋል።

እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የሚያሳድገው ምክንያቱን ማወቁ ነው። አሠሪው «አምፔሩን ቀንሺ» ብሎ ቢሄድ ረዳቷ ዛሬ ትቀንሳለች። ነገ ብረቱ ወፍራም ሲሆንም ትቀንሳለች፤ ያኔ ብየዳው ላይ ላዩን ብቻ ይይዛል። «2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይሠራል። ይሄ ቱቦላሬ ስስ ስለሆነ ከታችኛው ጀምሪ። ከበዛ ይበሳል፣ ካነሰ ኤሌክትሮዱ ይጣበቅብሻል» ቢላት ግን በሚቀጥለው ብረት ላይ ራሷ ትወስናለች።

መገጣጠሙም እንደዚያው ነው። አራቱን ማዕዘን መጀመሪያ ነካ ነካ አድርጋ ታያይዝ። ከዚያ ሁለቱን ሰያፍ ትለካ፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማለት ነው። 90 በ210 ሴንቲ ሜትር የሆነ የበር ፍሬም ሁለቱም ሰያፉ 228.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። አንዱ ከበለጠ ፍሬሙ ተንጋዷል። አሁን ከሆነ በመዶሻ ይስተካከላል፤ ሙሉ ከተበየደ በኋላ ግን መቁረጥ ነው። አንዱን ማዕዘን ጨርሳ ወደ ሌላው ከምትሄድ እያፈራረቀች ትበይድ፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባልና ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ይህን ሁሉ አንዴ እያሳዩ፣ ለምን እንደሆነ እየተናገሩ፣ እሷም እየጠየቀች መሥራት ነው ማስረዳት ማለት። ጊዜ ይወስዳል። ከአራቱ ሁሉ አሠሪውን የሚያደክመው ይሄ ነው፤ መመሪያውም ድጋፉም እኩል ይፈለጋልና።

ስለ ብላንቻርድ አንድ ነገር ልጨምር። በእሱ አከፋፈል ፍጹም ጀማሪ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ጉጉ ነው። ተስፋ የሚቆርጠው ትንሽ ከተማረ በኋላ ነው፤ ሥራው እንዳሰበው ቀላል እንዳልሆነ ሲገባው። በሄርሲ ዘንድ ግን ጀማሪው ፈሪ ወይም ያልፈለገ ነው፤ ጉጉቱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም ዓይነት ሰው በየቤቱ ታገኛላችሁ። ለእኔ ጠቃሚው ነገር ረዳቷ ከወር በፊት እየዘለለች የምትመጣ ሆና አሁን ዝም ካለች ሰነፈች ብሎ አለመደምደም ነው። የብየዳዋን ፍርፋሪ እያየች ራሷን ከአንጋፋው ጋር እያወዳደረች ይሆናል። ምክንያቱን ማስረዳት ላይ ማበረታቻ ጨምሩበት፤ መመሪያውን ግን አታንሱ።

ዋናው መሳሳቻ፦ «ሌላ ሰው ቢሄድ አይሻልም?»

አሁን ወደ ወጣቱ በያጅ እንምጣ። ከሁሉም በላይ ቆም ብላችሁ እንድታዩት የምፈልገው ይሄን ነው።

አሠሪው «ነገ ኮዬ ፈጬ ሄደህ የመስኮቶቹን ልክ ይዘህ ና» ይለዋል።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢሄድ አይሻልም?»

ይህ መልስ ከሁለት በጣም የተለያዩ ቦታዎች ሊመጣ ይችላል። ልክ መውሰድ በትክክል አያውቅ ይሆናል። ወይም ያውቃል፣ ግን የሆነ ነገር አስፈርቶታል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለማያውቀው መመሪያ ያስፈልገዋል፤ ለሚያውቀው መመሪያ መስጠት «አላምንህም» እንደማለት ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? «ትችላለህ አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። በእኛ አገር ለታላቅ «አልችልም» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። «ገባህ?» ስትሉትም «አዎ ገባኝ» ነው መልሱ። ይልቅ «ቦታው ስትደርስ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ወይም እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ያለውን መስኮት ሜትር ሰጥታችሁ አስለኩት።

የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካል። ቁመቱን በግራም በቀኝም ይለካል። ሁለቱን ሰያፍ ይይዛል። ከልኮቹ ውስጥ ትንሹን ወስዶ ለመግጠሚያ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ግድግዳው ተለስኗል?» ያልተለሰነ ክፍት ቦታ 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ልስኑ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ቢይዝ የሚቀረው 116 ነው። ይህን ሳይጠይቅ የመጣ ሰው የማይገባ መስኮት ያሠራችኋል። ለበር ከሆነ ደግሞ ወለሉ ሴራሚክ ገብቶለት እንደሆነ ይጠይቃል።

በያጁ ሜትሩን መሃል ላይ አንዴ ዘርግቶ «118» ካለ ችግሩ ችሎታ ነው። ወደ ማስረዳት ሂዱ፤ መጀመሪያ አብራችሁት ሂዱ። ይህን ሁሉ በትክክል ካደረገና አሁንም መሄድ ካልፈለገ ግን ችግሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ስለ ልኬት አንድም ቃል አትናገሩ። «ሥራውንስ ከእኔ በላይ ይዘኸዋል። ምኑ ነው የከበደህ?» በሉትና ዝም በሉ።

ምናልባት የሚመጣው መልስ እንዲህ ይሆናል፤ «ባለፈው ደንበኛው ዋጋ ጠይቆኝ የማውቀውን ተናገርኩ። በኋላ በሰው ፊት ጮኸብኝ።» እንግዲህ ያስፈራው ሜትሩ ሳይሆን የዋጋ ወሬው ነው። ማሳተፍ ማለት አሁን «ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ውሳኔው ከሁለቱ ይመጣል። ለምሳሌ ዋጋን በተመለከተ እሱ ምንም አይናገርም፤ «እሱን ጋሼ ይደውሉልዎታል» ይላል። አሠሪውም ቀድሞ ለደንበኛው ደውሎ «ልክ የሚወስድ ባለሙያ ልኬያለሁ፣ ስለ ዋጋ እኔ ነኝ የማወራዎት» ይላል። ልጁ ሁለት ሦስት ቤት በሰላም ሄዶ ከተመለሰ ልክ የመውሰዱ ሳጥን ከ3 ወደ 4 ይቀየራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እምቢታው ከፍርሃት ሳይሆን ከደመወዝ መዘግየት ወይም ከማይከፈል የትርፍ ሰዓት ሥራ የመጣ ከሆነ የአመራር ዘዴ አይፈታውም። ያኔ የሚያስፈልገው ገንዘቡን መክፈል ነው። ቅሬታን እንደ «ዝግጁነት ማነስ» መቁጠር ሰውን መበደል ይመስለኛል።

አንጋፋው አሉሚኒየም ሲነካ

ደንበኛው በመሃል ሐሳቡን ቀየረና ስድስቱ መስኮቶች አሉሚኒየም ይሁኑልኝ አለ እንበል። ብረት ላይ 4 የነበረው አንጋፋ አሁን 1 ወይም 2 ላይ ነው። አሉሚኒየም መስኮት በብየዳ አይገጣጠምም፤ በማያያዣና በብሎን ነው። የመቁረጫው ምላጭ ይለያል፣ የፕሮፋይሉ ዓይነት ይለያል፣ መስታወቱን የሚይዘው ጎማ አለ። አቆራረጡ ላይ ትንሽ ስህተት ብረት ላይ እንደሚደረገው በብየዳ አይደፈንም።

አሠሪው ሁለት መጥፎ ምርጫ ይታየዋል። ክብሩን ለመጠበቅ ብሎ እንደ ለመደው ያስረክበዋል፤ ፕሮፋይሉ ይባክናል። ወይም እንደ ጀማሪው ቆሞ ያዘዋል፤ አንጋፋው ይቀየማል።

የሚሻለው መመሪያውን ሙሉ አድርጎ አሰጣጡን መቀየር ነው። ሌሎች ሠራተኞች ፊት አይሁን። ለብቻው ጠርቶ «ብረቱን እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁን። ይሄ ግን ለሁላችንም አዲስ ነው። አሉሚኒየም የሚያውቅ ልጅ አመጣለሁ፤ የመጀመሪያውን መስኮት እሱ እያሳየ አብራችሁ ሥሩት» ቢለው ይቀበላል። ልጁም ቢሆን ትእዛዙን በትሕትና ይስጥ እንጂ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ደረጃ አይዝለል። ከመጀመሪያው መስኮት በኋላ አንጋፋው ቶሎ ይወጣል። ልኬትና ስኳድራ የተማረ እጅ ነው፤ የሚጎድለው የዕቃው ጠባይ ብቻ ነው። በዚያው ቀን የግቢ በሩን በተመለከተ ማንም ምንም አይለውም። ያ አሁንም 4 ነው።

መምረጣችሁ መሳሳቱ በምን ይታወቃል?

መመሪያ ሲበዛ ሰዎች ማሰብ ያቆማሉ። የሚያውቁትን ሁሉ «አሁንስ ምን ላድርግ?» እያሉ ይመጣሉ። እናንተ ለግዢ መርካቶ ስትሄዱ ሥራው ይቆማል። መመሪያ ሲያንስ ምልክቱ ሌላ ነው። ማንም አይጠይቅም፣ ግን የቁራጭ ብረቱ ክምር ያድጋል። በተለይ ቁራጩ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ካገኛችሁት አንድ ሰው ከአቅሙ በላይ ተትቷል፤ መናገርም ፈርቷል።

ለውጡ ደግሞ በአንድ ደረጃ ይሁን። ጀማሪው አሥር ቱቦላሬ በትክክል ከቆረጠ «ከመቁረጥህ በፊት አሳየኝ» የሚለውን አንሡለት፤ የቀረውን መመሪያ ተዉት። ያንንም ከተወጣው ምክንያቱን ማስረዳት ጀምሩ። ካበላሸ ወደ ኋላ የምትመለሱትም አንድ ደረጃ ብቻ ነው። አሠሪው ከማስረከብ ተነሥቶ በአንዴ ወደ ማዘዝ ሲወርድ ሠራተኛው ቅጣት አድርጎ ነው የሚያየው።

አደጋ ሲኖር ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። የግራይንደር ፍንጣሪ ወደ ቲነር ጣሳ እየሄደ «ምን ትላላችሁ?» አይባልም። አንጋፋውም ጀማሪውም እኩል ትእዛዝ ይሰማሉ። እንዲሁም መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ ሁሉም ይሯሯጣል፤ አሠሪውም ሁሉንም ማዘዝ ይጀምራል። ይሄኛው አደጋ አይደለም፣ ጥድፊያ ነው። ወረቀቱ ላይ 4 የተጻፈለትን ሰው ተዉት፤ እናንተ ጀማሪው ጋ ቁሙ።

ዘዴው ራሱም ወሰን አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ቬኪዮ የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላይ ፈትኖት ነበር። በደንብ የሠራው ለአዳዲስ ሠራተኞች ነው፤ ግልጽ መመሪያ ያገኙት የተሻለ ነበሩ። ልምድ ያላቸው ላይ ግን ማስረጃው ደካማ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ወረቀቱ ላይ ያለው 1 በድፍረት የሚተማመኑበት ቁጥር መሆኑን ነው። 3 ወይም 4 የጻፋችሁበት ሳጥን ግን ግምት ነው። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን አውጡት። በተለይ 3 የጻፋችሁለትን ሰው ሜትሩን ስጡትና እንደገና ጠይቁት።